ላፕቶፑ 128 ጂቢ፣ ፎቶው 212 ጂቢ

«ሰላም ጋሼ። ባሕር ዳር ነኝ፣ የሠርግና የጉዞ ፎቶ አነሳለሁ። ዋንድራይቭ ላይ 212 ጂቢ ፎቶ አለኝ። በቅርቡ 128 ጂቢ ዲስክ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ፎቶዎቹ ሁሉ እንዲታዩኝ ብዬ ዋንድራይቭ ሳስገባበት ዲስኩ ሞልቶ ቀይ ሆነ። ቦታ ለማስለቀቅ አንድ ፎልደር ባጠፋ ከስልኬም ጠፋ! ቅዳሜ ዘጌ ለእንግዶች የማሳየው ፎቶ አለኝ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የጠፋውን እናምጣ። ብሮውዘር ላይ onedrive.com ግቢና በግራ በኩል ያለውን «Recycle bin» ክፈቺ። ፎልደሩ እዚያ ይኖራል፣ ምረጪውና «Restore» በዪ። የግል አካውንት ከሆነ 30 ቀን ይቆይልሻል፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 93 ቀን። የላፕቶፑን ሪሳይክል ቢን እያገላበጥሽ ጊዜሽን አታባክኚ፤ ክላውድ ላይ ብቻ ያለ ፋይል ሲጠፋ እዚያ አይገባም።

አሁን ወደ ዲስኩ። 128 ጂቢ ተብሎ የተሸጠልሽ ዊንዶውስ ላይ 119 ሆኖ ነው የሚታየው፣ ሻጩ አላታለለሽም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ዊንዶውሱና ፕሮግራሞቹ 45 ያህል ይዘዋል እንበል። 74 ቀረሽ። 212 ጂቢ እዚህ ውስጥ እንደማይገባ ግልጽ ነው። ግን እንዲታይሽ መግባት የለበትም። «Files On-Demand» የሚባለው ነገር በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዊንዶውስ 10 ላይ የመጣው ለዚሁ ነው፤ የፋይሉ ስም፣ መጠንና ቀን ላፕቶፕሽ ላይ ይቀመጣል፣ ፋይሉ ራሱ ክላውድ ላይ ይቆያል፣ ስትከፍቺው ያኔ ይወርዳል። ሐይቁ ውስጥ ያለ ዓሣ በይው፤ አለ፣ ግን ድስት ውስጥ አልገባም።

ታዲያ ያንቺ ለምን ሞላ? በጣም የማየው ምክንያት አንድ ነው። ሰው ፎቶዎቹ ሁሉ እንዲኖሩት ስለሚፈልግ ዋናውን ፎልደር በቀኝ ይጫንና «Always keep on this device» ይላል። ያ ማለት ሁሉንም አውርድ፣ ወደፊት የሚጨመረውንም አውርድ ማለት ነው። ይሄን ለማረጋገጥ «Status» የሚለውን አምድ እዪ። ሰማያዊ ደመና ካለ ፋይሉ ክላውድ ላይ ብቻ ነው፣ ቦታ አልያዘም። ነጭ ክብ ውስጥ አረንጓዴ ራይት ካለ አንድ ጊዜ ከፍተሽው ወርዷል። ሙሉ አረንጓዴ ክብ ውስጥ ነጭ ራይት ካለ ደግሞ «ሁልጊዜ እዚህ ይቀመጥ» ተብሏል። ያንቺ ይሄኛው ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የዋንድራይቭን ዋና ፎልደር በቀኝ ጫኚና «Free up space» በዪ። ስሙ ያስፈራል፣ አውቃለሁ፣ በተለይ አንድ ጊዜ ፎልደር ለጠፋበት ሰው። ይሄ ግን የላፕቶፑን ቅጂ ብቻ ያነሳል፣ ክላውዱን አይነካም። «Delete» ነው ሁለቱንም የሚያጠፋው። ከፈለግሽ በሌላ መንገድም ይሆናል፤ ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የዋንድራይቭ ደመና ተጫኚ፣ ከጥርሳሙ ጎማ ምልክት «Settings»፣ «Sync and backup»፣ «Advanced settings»፣ ከዚያ «Free up disk space»። በአንድ ምት ሁሉም ሰማያዊ ደመና ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሚ። ክብ የሚዞሩ ሰማያዊ ቀስቶች ያሉበት ፋይል ካለ ገና አፕሎድ እየሆነ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ያ ፋይል ቦታ አይለቅም፣ ክላውዱ ላይ ገና የለማ። ዲስኩ እስከ አፉ ሲሞላ ዋንድራይቭም ግራ ይጋባል፣ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ ከዋንድራይቭ ውጪ ያለ የማይረባ ነገር፣ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የተከመረ የፊልምና የፕሮግራም ፋይል፣ አጥፍተሽ አምስት ስድስት ጂቢ ክፈቺለት።

ቦታው መለቀቁን ደግሞ በዓይንሽ እዪ። ፎልደሩን በቀኝ ጫኚ፣ «Properties»። ሁለት ቁጥር ታያለሽ፦ «Size» 212 ጂቢ፣ «Size on disk» ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ። የመጀመሪያው ያለሽ ነው፣ ሁለተኛው ላፕቶፕሽ የተሸከመው። ወደፊትም ዲስኩ አለቅጥ ሲሞላ ፎልደር ፎልደሩን እየከፈትሽ ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ተመልከቺ፣ የሞላው የቱ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

አሁን የቅዳሜው ጉዳይ። ጀልባ ላይ ሆነሽ ሰማያዊ ደመና ያለበትን ፎቶ ብትጫኚ፣ ላፕቶፕሽ ኔት ከሌለው ፎቶው አይከፈትም። ትንሿን ምስል ልታያት ትችያለሽ፣ እሷ ናት ሰውን የምታሞኘው። አንድ የማውቀው አስጎብኚ እንግዶች ሰብስቦ «ይኸው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች» ብሎ ተጫነ፣ ክብ ዞረ፣ ዞረ፣ በመጨረሻ በአፉ መተረክ ሆነ። ስለዚህ ለዘጌ የምትፈልጊውን ለብቻው አንድ ፎልደር አድርጊው፣ 6 ጂቢ እንበል፣ እሱን ብቻ በቀኝ ተጭነሽ «Always keep on this device» በዪ። አሁን እየሠራሽበት ያለውን ሠርግም፣ 18 ጂቢ ቢሆን፣ እንደዚሁ። ሁለቱ 24 ናቸው። ከ74ቱ 50 ተረፈሽ። ከዚያም 20ውን አትንኪው፣ ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግና ፎቶ ስታርሚ ትንፋሽ ይፈልጋል።

ይሄን ግን አርብ ማታ አትጀምሪው። ኔትሽ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ቢሰጥሽ 6 ጂቢው አንድ ሰዓት ከሃያ ያህል ይወስዳል፣ 18ቱ አራት ሰዓት። ያውም መስመሩ ሳይቆራረጥና መብራት ሳይሄድ ነው። ረቡዕ ጀምሪ። ፎልደሩ ሙሉ አረንጓዴ ክብ ማውጣቱም አይብቃሽ፣ ውስጥ ገብተሽ ፋይሎቹን እዪ። ከዚያ አርብ ላይ «Airplane mode» አብሪና ከፎልደሩ የመጀመሪያውን፣ የመሃሉንና የመጨረሻውን ፎቶ ክፈቺ። በሙሉ ጥራት ከተከፈቱ ጉዞው የሰላም ነው። ካልተከፈቱ ገና ጊዜ አለሽ።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፦ ኔት እያለ ፋይል እምቢ ሲል። 0x8007016A የሚል ቁጥር ካየሽ ዋንድራይቭ ራሱ አልተነሳም ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ኔት በላብኝ ብሎ ይዘጋዋል፣ ከዚያ ፋይሌ ተበላሸ ብሎ ላፕቶፑን ይዞ ጊዮርጊስ አጠገብ እኔ ጋ ይመጣል። ከስታርት ዋንድራይቭን ማስነሳት ነው፣ አለቀ። ኔት እንዳይበላብሽ ከፈለግሽ ከመዝጋት ይልቅ «Pause syncing» በዪው።

አሁን ደግሞ ዲስኩን መልሶ የሚሞላው። ፋይል የሚወርደው አንቺ ስትጫኚው ብቻ አይደለም፣ ማንኛውም ፕሮግራም ሲያነበው ይወርዳል። የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ የ40 ጂቢ ጥሬ ፎቶ ፎልደር ብታስገቢና ለሁሉም ትልቅ ቅድመ እይታ እንዲሠራ ብታዢው እያንዳንዱን ፋይል እየከፈተ 40ውንም ያወርደዋል። ሻይ ጠጥተሽ ስትመለሺ ዲስኩ ቀይ ነው። ዚፕ ማድረግም ያው ነው። ዊንዶውስ አንዳንዴ «ይሄ ፕሮግራም ፋይል እያወረደ ነው» የሚል መልእክት ከጥግ ያወጣል፤ ሳታነቢ አትዝጊው፣ ከዚያው ልታግጂው ትችያለሽ።

በተለይ የምጠነቀቀው ወደ ውጪ ሀርድ ዲስክ ኮፒ ሲደረግ ነው። ሀርድ ዲስኩ ሰፊ ስለሆነ 212ውንም በአንዴ ጎትቶ መጣል ያምራል። ግን እያንዳንዱ ፋይል መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ዲስክ ይወርድና ነው የሚገለበጠው፣ ከተገለበጠ በኋላም እዚያው ይቀራል። በ74 ጂቢ ቀዳዳ 212 ጂቢ በአንዴ አያልፍም፣ መሃል ላይ ይቆማል። አንድ ፎልደር ገልብጪ፣ «Free up space» በዪ፣ ቀጣዩን። ፎልደሮቹ ብዙ ከሆኑና በቀኝ መጫን ከሰለቸሽ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ይሄን ጻፊ፤ Serg በሚለው ቦታ የፎልደርሽን ስም ታስገቢያለሽ፦

```
attrib +U -P "%OneDrive%\Serg\*" /S /D
```

ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ደመና ይመልሰዋል። ኮፒ ማድረግሽን ግን አደራ፣ «Cut» አይደለም። ከዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ አውጥተሽ ሌላ ቦታ ካዛወርሽው ከክላውድም ይነሳል፣ ያንቺ ስልክ ላይ የደረሰው ዓይነት ነገር ይደገማል።

የተረሳውን ፋይል በራሱ እንዲለቅ ከፈለግሽ «Settings»፣ «System»፣ «Storage»፣ «Storage Sense» ውስጥ ዋንድራይቭ በሚለው ሥር ስንት ቀን ያልተከፈተ ፋይል ወደ ደመና ይመለስ የሚል ምርጫ አለ። እኔ 30 ቀን አደርገዋለሁ። 1 ቀን ያደረጉ አሉ፣ ከዚያ በየጠዋቱ ያንኑ ፋይል እንደገና እያወረዱ የኔት ፓኬጃቸውን ይጨርሳሉ። «ሁልጊዜ ይቀመጥ» ያልሽውን ይሄ አይነካብሽም።

ጎግል ድራይቭ የሚጠቀም ጓደኛ ካለሽ ለእሱ ነገሩ ያው ነው፣ ምርጫው «Stream files» ይባላል፣ «Mirror files» ከሆነ ሁሉንም ያወርድበታል።

ቅዳሜ ከዘጌ ስትመለሺ ካርዱ ላይ አዲስ ፎቶ ይኖርሻል። ወደ ዋንድራይቭ ፎልደር ስትገለብጪው በሙሉ ክብደቱ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል፣ አፕሎድ እስኪያልቅ ቦታውን አይለቅም፤ ለዚህም ነው ያቺን 50 ያስተረፍናት። ቀስቶቹ መዞር ሲያቆሙ በስልክሽ ብሮውዘር onedrive.com ገብተሽ ሁለት ሦስቱን ከፍተሽ እዪ፣ ቁጥራቸውንም ከካርዱ ጋር አመሳክሪ። ካርዱን ፎርማት የምታደርጊው ከዚያ በኋላ ነው።