የድሮ አማርኛ ለሚከብደው አንባቢ፦ ጥያቄና መልስ

ጋሼ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ማንኩሳ ላይ ቀረሁ። ቃላቱ ናቸው የሚከብዱት?

ቃላቱ ብቻ አይደሉም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከበዛብህ ወላጆች ነው የሚነሡት። ሰብለወንጌልን የሚጠብቅ አንባቢ እዚያው ይደክመዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፈልግና መጽሐፉን ገልጠህ በዓይንህ እየተከተልክ አዳምጥ። ድምፁ የት እንደሚያርፍ ስትሰማ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይፈታልሃል። ሁለት ሦስት ምዕራፍ እንዲህ ከሄድክ በኋላ ትረካውን ትተህ ብቻህን ቀጥል።

ለእያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት አትግለጥ። «ብፅዓት»ን ግን እንዳታልፋት። በዛብህ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ፍቅር ሲይዘው የሚያስጨንቀው አንዱ ነገር ይኸው ስእለት ነው። ይህን ሳይዝ ያለፈ ሰው በዛብህን ፈሪ አድርጎ ያየዋል።

«ጦቢያ» የመጀመሪያዋ ልብ ወለዳችን ናት፣ አጭርም ናት። ለጀማሪ እሷ አትሻልም?

አጭር መሆኗ እውነት ነው፤ ቀላል ግን አይደለችም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሟት ናት፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ብዙ መስመር ይሄዳል። እርሳስ ያዝና «ተነሥቶ»፣ «ታጥቆ»፣ «በቅሎውን ጭኖ» የሚሉትን ዓይነት ግሦች ባገኘህ ቁጥር ጭረት አድርግ። በጭረቶቹ መካከል ያለውን እንደ አጭር ዓረፍተ ነገር አንብበው፤ ማሰሪያው ግሥ መጨረሻ ላይ ይጠብቅሃል።

እኔ የማስቀድመው የኅሩይ ወልደ ሥላሴን «አዲስ ዓለም» ነው። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ፈረንሳይ ተምሮ ይመለስና በተዝካሩ በሌላውም ልማድ ከዘመዶቹ ጋር አይስማማም። ጭቅጭቁን ከየቤታችን ስለምናውቀው ቃል ቢያመልጠን ነገሩ አይጠፋንም።

እኔ ግን በ«ጦቢያ» ጀምሬ አልከበደኝም። አያቴ የዘጌ ሰው ነበሩ።

አፈወርቅም የዘጌ ሰው ናቸው፤ አንቺ የቤትሽን አማርኛ ነው ያገኘሽው። አዲስ አበባ ላደገ ሰውም እንዲሁ ይቀል እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

የትኛውን እትም ልግዛ?

ከመክፈልህ በፊት መሐሉን ገልጠህ አንድ ገጽ ድምፅህን አውጥተህ አንብብ። የድሮው ኅትመት በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አለው፤ እሱን በአንድ ቀን ትለምደዋለህ። የማይለመደው የደበዘዘ ቅጂ ነው። የፊደሉ ቅጥያ ሲጠፋ «በ»ና «ቡ» አይለዩም፤ አንተ ግን ቋንቋው የከበደህ ይመስልሃል። እንዲህ ከሆነ ፊደሉ እንደ አዲስ የተለቀመበትን እትም ፈልግ።

ልጄ ዋሽንግተን ነው የተወለደው፣ 14 ዓመቱ ነው። ፊደል ይለያል። ግእዝ ላስጀምረው?

እህቴ፣ ግእዝ ሌላ ቋንቋ ነው፤ እነዚህ ሁሉ አማርኛ ናቸው። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሳ የሚናገርበትን አንድ ቦታ ምረጪ። የእሱን ንግግር ልጁ ያንብብ፣ የቀረውን አንቺ። በአንድ ምሽት ከሁለት ገጽ አትለፉ።