«እንዴት እንደምታስወጣው አልጠይቅህም»

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ደወለችልኝ። ዱከም አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ከገባች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። «ጋሼ፣ ዕቃችንን ከጉምሩክ የሚያስወጣልን ትራንዚተር ያመጣው ሂሳብ ላይ 'የቢሮ ወጪ' የሚል 25 ሺህ ብር አለ፤ ደረሰኝ የለውም፤ አለቃዬ ዝም ብለሽ አዘጋጂው ይለኛል፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ቆይ መልሼ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። ልክ እንደሷ የጠየቀኝ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው፤ ያኔ የመለስኩለትን ስለማስታውስ አፍሬ ነው።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው። ፈጣን መንገዱ ገና አልተከፈተም፤ የጅቡቲ መኪና ሁሉ በአሮጌው መንገድ እየተግተለተለ ነው የሚገባው። መጋዘናችን ገላን ነበር። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ ስልክ ለማውራት መኪና ውስጥ እንገባለን። የውሃ ፓምፕና መለዋወጫ እናስመጣለን፤ ከድርጅቱ ከግማሽ በላይ ድርሻው የእንግሊዞች ነው፤ እኔ የፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። በዚያ ክረምት ሁለት ኮንቴይነር ፓምፕ ጉምሩክ ላይ ቆመብን። ዋጋው አንሶ ቀርቧል ተባለ፣ ከዚያ ፍተሻ ይደረግ ተባለ፣ ከዚያ ፈታሹ የለም ተባለ። 11 ቀን ሆነ። የፓምፑ ገዢ ደግሞ ውሉ ላይ ቅጣት አስገብቷል፤ ለአንድ ቀን መዘግየት የ6 ሚሊዮን 200 ሺህ ብሩ ውል 0.1 በመቶ፣ ማለትም በቀን 6,200 ብር።

ሥራ አስኪያጃችን ትራንዚተሩን ቢሮው ጠራው። እኔም ነበርኩ። «እንዴት እንደምታስወጣው አልጠይቅህም፤ ሐሙስ መጋዘኔ ውስጥ ልየው» አለው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። ያኔ ለእኔ የጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ንግግር ነበር የመሰለችኝ።

ዕቃው ረቡዕ ማታ ገባ። አርብ የትራንዚተሩ ሂሳብ መጣ። የአገልግሎት ክፍያ፣ ልክ ነው። ማጓጓዣ ለሁለቱ ኮንቴይነር 18 ሺህ፣ ደረሰኝ አለው። ከሥር «ልዩ ልዩ ማስፈጸሚያ፣ 38,000»፤ ደረሰኝ የለም። ሂሳብ ሠራተኛችን የ24 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር። ወረቀቱን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይሄኛው ምንድነው?» አለኝ። እንደማውቅ ያውቃል። እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ። «ማጓጓዣው ላይ ደምረው» አልኩት። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሄዶ የክፍያ ማዘዣውን በዚያ ቆንጆ እጁ «የጭነት ማጓጓዣ፣ 56,000» ብሎ ጻፈ። «አዘጋጅ» የሚለው ቦታ ላይ እሱ ፈረመ፣ «አጽዳቂ» የሚለው ላይ እኔ።

ከ14 ወር በኋላ ከለንደን ኦዲተር መጣች። ጉቦ ፍለጋ የመጣች አልመሰለንም። ያደረገችው ቀላል ነገር ነው፤ የዓመቱን የማጓጓዣ ወጪ ለኮንቴይነር ብዛት አካፈለች። ሁሉም ለአንድ ኮንቴይነር 9 ሺህ ገደማ ነው፤ የኛ አንዷ ፋይል ብቻ 28 ሺህ። ፋይሉን አምጡ አለች። የትራንዚተሩ ዋናው ሂሳብ እዚያው ተያይዞ ነበር፤ ማውጣት እንኳ አላሰብንም። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ 38 ሺው አልነበረም። «ለምን ተደበቀ?» ነበር ያለችው።

ልጁ ተባረረ። ማዘዣውን ያዘጋጀው እሱ ነዋ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ምንም አልጻፈ፣ ምንም አልፈረመ። ልጁ ሲጠየቅ «ጋሼ ነው ያዘዘኝ» አላለም። እኔም አላልኩም።

ጸጸቱ ይሄ ነው። ሌላው የሙያ ነገር ነው።

ለንደን ለምን እንዲህ እንደተቆጣች የገባኝ ዘግይቶ ነው። የእንግሊዝ የጉቦ ሕግ በ2010 ወጥቶ ከሐምሌ 1 ቀን 2011 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኛ ሰኔ 24 ቀን 2003 ማለት ነው። ሰባተኛው አንቀጽ አስቸጋሪ ነው። ለድርጅቱ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው፣ ሠራተኛም ይሁን ወኪል ወይም እንደኛ ያለ ቅርንጫፍ፣ ለድርጅቱ ጥቅም ብሎ ጉቦ ከሰጠ ድርጅቱ ራሱ ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። አለቆቹ አላወቁም ማለት አያድንም። መውጫው አንድ ነው፤ ጉቦን ለመከላከል በቂ አሠራር ነበረን ብሎ ማስረዳት። አሜሪካኖቹም ከ1977 ጀምሮ ሕግ አላቸው፤ እዚያ ደግሞ ገንዘቡ ጉቦ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን እያወቀ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንዳወቀ ይቆጠራል። «እንዴት እንደምታስወጣው አልጠይቅህም» የምትለዋ እንግዲህ መከላከያ አልነበረችም፤ ማስረጃ ነበረች።

ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ የኛ ድርጅት ያገር ቤት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። የወንጀል ሕጋችንን አንቀጽ 34 አንብቡት። የድርጅት ኃላፊ ወይም ሠራተኛ ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ፣ ጥቅሙን በሕገወጥ መንገድ ለማራመድ ወንጀል ሲሠራ፣ ሲያነሳሳ ወይም ሲተባበር ድርጅቱም ይቀጣል ይላል። ልብ በሉ፣ «ሲያነሳሳ» አለበት። ትራንዚተሩ የውጭ ሰው ነው ብላችሁ አትጽናኑ፤ «ሐሙስ ልየው» ያለው የውስጥ ሰው ነው። በኛ አቆጣጠር በ2007 የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅም ሰጪውንም ተቀባዩንም ይመለከታል።

ስለ ትልልቆቹ ማወቅ ለምትፈልጉ የታንዛኒያውን ነገር ልንገራችሁ፣ ቅርባችን ስለሆነ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 አንድ የባንክ ቡድን ለታንዛኒያ መንግሥት 600 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሊያፈላልግ ተደራደረ። ክፍያው 1.4 በመቶ ነበር። ኋላ አንድ የአገር ውስጥ «አጋር» ገባና 2.4 በመቶ ሆነ። የተጨመረችው 1 በመቶ፣ 6 ሚሊዮን ዶላር፣ ለአጋሩ ሄደች። ከአጋሩ ዳይሬክተሮች አንዱ የአገሪቱ የገቢ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ያ አጋር ምን ሠራ ሲባል የሚታይ ሥራ አልተገኘም፤ ገንዘቡ አብዛኛው በቀናት ውስጥ በጥሬው ወጣ። የነቁት እዚያው ባንኩ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ናቸው፣ በጥሬ ገንዘቡ አወጣጥ ደንግጠው። በፈረንጅ አቆጣጠር በኅዳር 2015 የቡድኑ የለንደን ባንክ፣ ስታንዳርድ ባንክ፣ በዚያች በሰባተኛዋ አንቀጽ ተጠይቆ ከለንደን አቃቤ ሕጎች ጋር በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ከፈለ፤ ገንዘቡን የሰጠው ታንዛኒያ ያለው እህት ባንክ ሆኖ ሳለ። ለታንዛኒያ መንግሥት ብቻ 7 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ሄደ።

የኛዋ 38 ሺህ እና የእነሱ 6 ሚሊዮን መልካቸው አንድ ነው። ክፍያው አለ፤ ሥራው የለም። ታዲያ ሂሳብ ፊታችሁ ሲመጣ «ጉቦ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ማንም አዎ አይላችሁም። «በዚህ ገንዘብ ምን አገኘን? ማን ሠራው? ወረቀቱ የት አለ?» በሉ።

ኮምፕላያንስ የሚሉት ሕግና ሥነ ምግባር የማስከበር ነገር ላይ የዛሬ ልጆች ታናድዱኛላችሁ። ጎበዞች ናችሁ፣ እንግሊዝኛችሁ ከኛ ይሻላል፣ ግን ሁሉን ነገር ከኢንተርኔት ማውረድ ነው። አንዱ 40 ገጽ የሥነ ምግባር ፖሊሲ አምጥቶልኝ ገጽ 12 ላይ የሌላ ድርጅት ስም ሳይነሳ ቀርቷል። ወረቀት ምንም አያደርግም።

አይ፣ እዚህ ላይ ራሴን ልቃወም። ያኔ «ደረሰኝ የሌለው የትራንዚተር ወጪ አይከፈልም» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ቢኖረን ያ ልጅ ወረቀቱን ፊቴ አድርጎ «ጋሼ፣ አይቻልም» ሊለኝ ይችል ነበር። የ24 ዓመት ልጅ አለቃውን የሚቃወመው በጉልበቱ አይደለም፣ በወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀት ያደርጋል፤ አጭር ከሆነና የራሳችሁ ከሆነ።

ኋላ እንግሊዞቹ ያስገቡልን አሠራር ብዙ አልነበረም። ቀረጥና ግብር በትራንዚተር እጅ ማለፉ ቀረ፤ ከድርጅቱ ሂሳብ በቀጥታ ይከፈላል። ትራንዚተሩ ለጉምሩክ በሚያቀርበው በእያንዳንዱ ዲክላራሲዮን የተቆረጠ ዋጋ አለው፣ ቶሎ ስላስወጣ ጉርሻ የለም፤ ምክንያቱም የፍጥነት ጉርሻ ራሱ ጉቦውን ከየት እንደሚያመጣ መንገር ነው። ሌላው ወጪ ሁሉ በደረሰኝ። ውሉ ላይ መዝገብህን እናያለን የሚል አንቀጽ ገባ። ትራንዚተሩ ደስ አላለውም ብላችሁ ታስባላችሁ? የሁለተኛው ትራንዚተራችን «ተገላገልኩ» ነው ያለኝ። ትራንዚተሮችን ሌባ እያላችሁ አትሳደቡ፤ ብዙ ጊዜ የኛን ቆሻሻ ነው የሚሸከሙት።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነበር። ድርጅቱ የመዘግየትን ዋጋ እንዲበላ መስማማት። ያኔ ቁጭ ብለን ብናሰላ፣ ዕቃው ሌላ 10 ቀን ቢቆም ቅጣቱ 62 ሺህ ብር ነበር። ከ38 ሺህ ይበልጣል፣ አዎ። ግን ባለቤቱ ይታወቃል፣ በጀት ይያዝለታል፣ ለደንበኛው ደብዳቤ ይጻፍለታል። ስለ ዋጋው ልዩነት አቤቱታ መጻፍም ይቻል ነበር። በ11ዱ ቀን አንድ ደብዳቤ አልጻፍንም! ስንሯሯጥና ስንደውል ብቻ ነበርን። አሁን አንድ ድርጅት ከጉቦ ነጻ ነኝ ሲለኝ ፖሊሲውን አላይም፤ ዕቃ ሲቆም በየቀኑ የሚመዘግበው ደብተር አለው ወይ፣ ማን ምን ብሎ መለሰው፣ የመዘግየት በጀት አለው ወይ እላለሁ። ከሌለው ወረቀቱ ለግድግዳ ነው።

«የሻይ»ዋስ የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። የአሜሪካኖቹ ሕግ ለተራ የቢሮ ሥራ ማፋጠኛ ጠባብ በር ትቷል፤ የእንግሊዞቹ አልተወም። በኛም የሻይ የሚባል ፈቃድ የለም። በቃ።

ማታ ልጅቷ ጋ መልሼ ደወልኩ። ማዘዣውን አታዘጋጂ፣ ሂሳቡን «ደረሰኝ ይያያዝ» ብለሽ በጽሑፍ መልሺ፣ ኮፒውን ያዢ አልኳት። ለእኔ ቀላል ነው፤ ጡረታዬን ይዣለሁ፤ ደሞዟን የምትጠብቀው እሷ ናት። ያንንም ነገርኳት። ስለ ልጁም ነገርኳት፣ ለሚስቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም ነበር። ዝም ብላ ሰማችና «ስሙን ያስታውሱታል?» አለችኝ። አስታውሰዋለሁ።

ትናንት ደውላ ነበር። ሂሳቡን መልሳዋለች። ኮንቴይነሩ አራተኛ ቀኑ ነው፣ አልወጣም፤ አለቃዋ ሰላም አይላትም።