ከመቶ ኪሎ ስንቱ ይሸጣል?

ልጆች፣

ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ወጣት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰብስቦ የመሸጥ ሥራዋን ለሦስት ሰዎች ስታቀርብ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ የወፍጮ ቤት ባለቤትና የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ናቸው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በፋብሪካ ግዥና ሂሳብ ክፍል ነው። ብዙዎቻችሁ እንደ እሷ ሰው ፊት ቆማችሁ ገንዘብ ልትጠይቁ ስለሆነ ያን ቀን ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

የተሰጣት አሥር ደቂቃ ነበር። አራቱን ስለ ውቅያኖስና ስለ ዓለም ብክለት ተናገረች። ከዚያ ቁጥሯን አሳየችን። ሃይላንዱን ከቆራሌዎችና ከሰፈር ልጆች በኪሎ 20 ብር ትገዛለች፣ አዲስ አበባ ላለ ገዢ በ35 ትሸጣለች፣ በኪሎ 15 ብር ታተርፋለች። ከእኛ የፈለገችው መፍጫ ማሽን መግዣ 700,000 ብር ነው።

ለማሳያ አንድ ጆንያ ጠርሙስ ይዛ መጥታ ነበር። ስለ ውቅያኖሱ ስታወራ ጆንያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔ ዓይኔ ከእሱ አልነቀል አለ።

«ልጄ፣ እስቲ ዘርግፊልን» አልኳት።

ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ክዳኑ የተዘጋ ብዙ ነበር፣ ውስጡ ውኃ ያለበትም አለ። አንዱን አንስቼ አሳየኋት። ባዶው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ 15 ግራም ቢመዝን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃም ያንኑ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ማንኪያ ውኃ የቀረበትን ጠርሙስ ስትገዛ ግማሹን ብር ለውኃ ከፈለች ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ይጨመርበታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ክዳኑ ይከፈት፣ ጠርሙሱ ይደፋ። ሰብሳቢው መጀመሪያ ያኮርፋል፣ በሳምንቱ ግን ራሱ ከፍቶ ያመጣል።

ቀጥሎ ክዳኑ አለ። ክዳንና ጠርሙስ አንድ ፕላስቲክ አይደሉም። ቆርጣችሁ ሳፋ ውኃ ውስጥ ብትጨምሩ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰምጣል። ገዢው የሚፈልገው የሚሰምጠውን ነው። ክዳኑን ለብቻው የሚገዛ ሌላ ሰው አለ። ውኃው የማይለይላችሁ ግን ፒቪሲ የሚባለውን ነው፣ እሱም ይሰምጣልና። አንዳንድ ጠርሙስ ላይ ተጣብቆ የሚመጣው መጠቅለያ ከፒቪሲ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ፒቪሲ ግን እዚያ ሳይደርስ ያርራል። ትንሽ እንኳ ከገባ ምርቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ጥቁር ነጠብጣብም ይተውበታል። ገዢ ሙሉውን ጭነት የሚመልሰው በዚህ ነው። መለያ መሣሪያ ከሌላችሁ ፒቪሲውን የሚለየው የሰው እጅና ዓይን ብቻ ነው።

«ከመቶ ኪሎ ስንቱን ትሸጫለሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ጋሼ፣ አልመዘንኩትም» አለችኝ። በዚህ መልስ ወደድኳት። ብዙ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ቁጥር ይፈጥራል። ሰሚው ያውቅበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚባለውንም አያምንም።

የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ስለ መኪናው ጠየቀቻት። ልጅቷ አይሱዙ በ15,000 ብር እንደምትከራይ ነገረችን። አይሱዙው 50 ኩንታል ይጭናል፣ ግን ያልተጨመቀ ሃይላንድ ሲሞላበት የሚጭነው አየር ነው። እቃ መጫኛው 25 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ በአንዱ ሜትር ኩብ የሚገባው ወደ 30 ኪሎ ነው። ጠቅላላው 750 ኪሎ ይሆናል። 15,000ን ለ750 አካፍሉት፣ በኪሎ 20 ብር። አተርፋለሁ ካለችው በላይ መኪናው ወሰደው። ያው ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ተጨምቆ፣ በሽቦ ሲታሰር ግን መኪናው 50 ኩንታሉን ይሞላል። ያኔ ማጓጓዣው በኪሎ 3 ብር ነው።

«መፍጫውስ ያሳንሰው የለ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ያሳንሰዋል። ነገር ግን ሳይታጠብ የተፈጨ ፕላስቲክ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በዓይን አይታይም፣ ስለዚህ ብዙ ገዢ ይፈራዋል። የታሰረውን ግን ዞሮ ያየዋል። መፍጨት ከተጀመረ ማጠብ ይከተላል። ማጠብ የሞቀ ውኃና ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ውኃ ማሞቅ ምን ያህል እንደሚያስወጣ እዚያ የኖረ ያውቀዋል።

ያን ቀን ገንዘብ አልሰጠናትም። ሚዛን ይዘሽ ሁለት ሳምንት ሥሪና ተመለሺ አልናት።

ስትመለስ የያዘችው አንድ ደብተር ብቻ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ በቀን ካሰበችው በጣም ያነሰ አገኘች። ብርድ አገር ነው፣ ሰው ውኃ ገዝቶ የሚጠጣው ትንሽ ነው። ሸዋ ሮቢት ወርዳ ስትመዝን ግን ሙቀቱ ሌላ ታሪክ ሆነ። ከሁለቱ ከተሞች በቀን 200 ኪሎ ይገኛል። ይህ ከአሥራ ሦስት ሺህ በላይ ጠርሙስ ነው።

ሂሳቡን አብረን ሠራነው። መቶ ኪሎ በ2,000 ብር ትገዛለች። ከተለየ በኋላ 80 ኪሎ ይቀራል፣ በ35 ሲሸጥ 2,800 ብር። ለሚለዩት ሠራተኞች ጉልበት 240፣ ለመኪና 240 ይወጣል። የሚተርፈው 320 ብር ነው። የመጋዘን ኪራይና የጥበቃ ደሞዝ ገና አልተነሣም። በወር 26 ቀን በ200 ኪሎ ብትሠራ 16,640 ብር ነው። በዚህ ትርፍ የ700,000 ብሩን ማሽን ለመመለስ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የጊዜው ጉዳይ ነበር። ሰብሳቢው ገንዘቡን በዕለቱ በእጁ ይፈልጋል፣ የዕለት ጉርሱ ነው። ገዢው ግን የሚከፍለው ዕቃው በገባ በወሩ ነው። በቀን የሚሸጠው 160 ኪሎ ስለሆነ መኪናው እስኪሞላ 31 የሥራ ቀን፣ ክፍያው እስኪመጣ ሌላ 26 የሥራ ቀን። በየቀኑ 4,000 ብር እየከፈለች 57 ቀን ትቆያለች። 228,000 ብር መንገድ ላይ ተኝቶ ይከርማል። በመጀመሪያው ዕቅዷ ለዚህ የተያዘ አንድ ብር አልነበረም። ማሽኑ ይገዛ ነበር፣ ግን በሦስተኛው ቀን ጠርሙስ መግዣ ታጣ ነበር። ቆራሌው ደግሞ ሁለት ቀን ባዶ እጁን ከተመለሰ ሌላ ገዢ ያገኛል፣ አይመለስም።

እናም የጠየቀችው ተለወጠ። መፍጫው ቀረ። ከተማው ውስጥ ያለ ብረት ቤት በእጅ የሚሠራ መጭመቂያ ሊሠራላት ተስማማ። የቀረው ብር ለዕለት ግዥ ተመደበ። እኛም የዕለት ግዥውን ብር በሁለት ዙር ለመስጠት ተስማማን። ሁለተኛው ዙር የሚለቀቀው የመጀመሪያው መኪና ጭነት ሳይመለስ ተራግፎ የገዢው ደረሰኝ ሲመጣ ነው።

ሁለተኛውን ንግግሯን የጀመረችው ቆማ ሳይሆን ተቀምጣ፣ ደብተሯን ከፍታ ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ እንዲህ ይላል፦ «መቶ ኪሎ ስገዛ ሰማንያ ኪሎ እሸጣለሁ፤ ሃያው የት እንደሚገባ ላሳያችሁ።» የግንባታ ዕቃ ነጋዴው ያን ጊዜ መነጽሩን አድርጎ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።