ግራፉ አግድም አሲምፕቶቱን ሲያቋርጥ

«ወልድያ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የራሽናል ፈንክሽን ግራፍ አግድም አሲምፕቶቱን ሊያቋርጥ ይችላል? ከቻለስ ትርጉሙ አይፈርስም?»

ይችላል፤ ትርጉሙም አይፈርስም። አግድም አሲምፕቶት የሚናገረው x ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያለ ገደብ ሲርቅ ግራፉ ወደ የትኛው ቁመት እንደሚጠጋ ብቻ ነው። መሀል ላይ ስለሚሆነው ምንም አይልም።

ይህን ውሰድ፦

f(x) = (2x² + x − 3)/(x² + 1)

አሲምፕቶቱ y = 2 ነው። ላዕሉን ለታህቱ ስታካፍል ይህን ታገኛለህ፦

f(x) = 2 + (x − 5)/(x² + 1)

ቀሪው x − 5 ዜሮ የሚሆነው x = 5 ላይ ነው፤ f(5) = 52/26 = 2። ግራፉ እዚያ ነጥብ ላይ መስመሩን ከታች ወደ ላይ ያቋርጣል፤ x 10 አካባቢ ሲደርስ እስከ 2.05 ገደማ ይወጣና መመለስ ይጀምራል። x = 100 ላይ 2.01 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ 2 እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ ዳግም አይነካውም።

ደሴ ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁት ስህተት አለ፦ ተማሪዎች ሰንጠረዡን ከ−4 እስከ 4 ብቻ ሠርተው ግራፉን በሙሉ ከመስመሩ በታች ያስቀሩታል። ስለዚህ ነጥብ ከመምረጥህ በፊት ቀሪው የት ዜሮ እንደሚሆን ፈልግ። ቋሚ አሲምፕቶት ግን አይቋረጥም፤ እዚያ ታህቱ ዜሮ ስለሆነ ፈንክሽኑ ዋጋ የለውም።