ግራፊክስ ካርድን ከሞኒተር ጋር ስለማመጣጠን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አርቲኤክስ 3060 ካርድና ባለ 1080ፒ፣ 60 ሄርዝ ሞኒተር አለኝ። የምጫወተው ጌም በሰከንድ 110 ፍሬም ገደማ ያሳያል። ወንድሜ በቅርቡ ከዱባይ ስለሚመጣ የተሻለ ካርድ ያምጣልኝ?

መልስ፦ ካርድ አያምጣ። ሞኒተርህ ምስሉን በሰከንድ ከ60 ጊዜ በላይ ስለማያድስ፣ ካርዱ ከሚሠራው ውስጥ ግማሽ ያህሉ አሁንም ለዓይንህ አይደርስም። በሚበልጥ ካርድ የሚያድገው በስክሪኑ ጥግ የሚታየው ቁጥር ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለሞኒተር ይዋል።

ባለ 1080ፒ፣ 144 ሄርዝ ብትገዛ 110ሩንም ፍሬም ታያለህ። ባለ 1440ፒ ብትገዛ ግን ካርዱ የሚሞላው ፒክስል ከ2.07 ሚሊዮን ወደ 3.69 ሚሊዮን፣ ማለትም 1.78 እጥፍ ይሆናል። 110ን ለ1.78 ስታካፍል 62 ገደማ ይደርስሃል። ሥራው ሁሉ በፒክስል ብዛት ስለማይወሰን ብዙውን ጊዜ ውጤቱ ከዚህ ትንሽ ይሻላል፤ ቢሆንም የጌሙን ሴቲንግ ዝቅ ካላደረግህ በቀር 165 ሄርዝ የሚል ሞኒተር ገዝተህ የከፈልክበትን ፍጥነት ሳትነካው ትቀራለህ።

ይህን ደግሞ በግምት አትተወው፤ ከመግዛትህ በፊት ለካ። በ NVIDIA Control Panel ውስጥ Manage 3D settings ገብተህ DSR - Factors ከሚለው 1.78x ምረጥና ጌሙን በ2560×1440 ክፈተው። ሞኒተርህ ያው 1080ፒ ስለሆነ የምስሉን ጥራት ከዚህ አትፈርድም፤ ካርዱ የሚሸከመው ጭነት ግን የእውነተኛው 1440ፒ ጭነት ነው። ጌሙ በጣም የሚከብድበት ቦታ ላይ ቆይተህ አማካዩን ሳይሆን ዝቅተኛውን ቁጥር መዝግብ። በዚያ ቁጥር ደስተኛ ከሆንክ 1440ፒውን ያምጣልህ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ካርድ የቱ ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ሞኒተር? ለየትኛው ጌም? ሁለቱን ሳትጽፍ የሚሰጥህ መልስ የሻጭ መልስ ነው።

አንድ አባል፦ ለመሆኑ ዓይን ከ60 በላይ አይለይም ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ?

ሌላ አባል፦ በ144 ሄርዝ ስክሪን ላይ ማውሱን በፍጥነት አንቀሳቅሰውና ተመልከት፤ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ይልቅስ ከመላሹ ጋር አንድ ነገር ላይ አልስማማም። በ60 ሄርዝ ሞኒተርም ቢሆን ተጨማሪ ፍሬም ጥቅም አለው፤ ስክሪኑ ምስሉን በሚያድስበት ቅጽበት የሚያገኘው ፍሬም ይበልጥ ትኩስ ስለሚሆን እጅህ ፈጣን ምላሽ ይሰማዋል።

መልስ፦ ትክክል ነው፤ የተኩስ ጌም የሚጫወት ሰው ይሰማዋል። ነገር ግን ምስሉ አግድም እየተቆረጠ ይታያል፤ ያንን ጥቅም ለማግኘትም የአዲስ ካርድ ዋጋ መክፈል ያዋጣል ብዬ አላምንም።

ሌላ አባል፦ ለውድድር ከሆነ ያዋጣል። እዚህ ላይ አንግባባም።

ጥያቄ፦ 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዛሁ፤ ከድሮው ምንም ልዩነት አላየሁም። ካርዱን ልቀይር?

መልስ፦ ከመለወጥህ በፊት ለካ ብያለሁ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በ60 ሄርዝ ላይ ይተወዋል፤ በ Advanced display ገብተህ 144ን ምረጥ። ምርጫው ከሌለ የተጠቀምክበት ኬብል አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ኬብሉን ከካርዱ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ሶኬት ላይ ሰክተኸዋል። ሁለተኛው ከሆነ ካርድህ እስካሁን ያለ ሥራ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አርቲኤክስ 4060 አለኝ፤ በ1080ፒ ከ70 ፍሬም አያልፍም። ሪዞሉሽኑን ወደ 720ፒ ባወርደውም ያው 70 ነው። ካርዱ ደካማ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጌሙ ውስጥ የፍሬም ገደብ አለመደረጉን አረጋግጥ። ገደብ ከሌለ መልሱን ራስህ አግኝተኸዋል፤ የሚሞላው ፒክስል ከግማሽ በታች ወርዶም ፍጥነቱ ካልጨመረ የሚያዘገይህ ካርዱ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ነው። የካርዱን አጠቃቀም ስትመለከትም ከ100 በመቶ በእጅጉ ዝቅ ብሎ ታገኘዋለህ። የበለጠ ውድ ካርድ ብትገዛ ያው 70 ላይ ትቆማለህ። በአንጻሩ አንተን የመሰለ ሰው ወደ 1440ፒ ቢያልፍ፣ ካርዱ ትርፍ አቅም ስላለው ብዙ ፍሬም ላያጣ ይችላል። በ1.78x ሞክረውና ቁጥሩን ጻፍልን።

አንድ አባል፦ የእኔ ላፕቶፕ ነው፤ 4060 አለው። እኔስ ወደ 1440ፒ ልለፍ?

መልስ፦ የላፕቶፑ 4060 ስሙ ቢመሳሰልም ከዴስክቶፑ ጋር አንድ አይደለም፤ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ኃይልም ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል። ላፕቶፕ የእኔ ዘርፍ ስላልሆነ ሌላ ሰው ይመልስልህ።

ጥያቄ፦ እኔ 3060 አለኝ፤ 1440ፒ ይችላል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ፤ ለክተህም ተመለስ።