የጎልማሶች ክፍል ፈተና በደረሰኝና በታክሲ ታፔላ

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ፣ የማታ የጎልማሶች ክፍል አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ ቃል ጽፌ ማስነበብ ሰለቸኝ፣ ዘንድሮ በደረሰኝና በታክሲ ታፔላ ልፈትናቸው አስቤያለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ እንዴት አደረጋችሁት?»

እህቴ እኔ አዲስ አበባ አመቻች ሆኜ ስሰራ ሞክሬዋለሁ፣ መጀመሪያ ግን በደንብ ነው የተሸወድኩት። መገናኛ የሚል ታፔላ አሳየኋቸው፣ ሁሉም አነበቡት፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ለካ በየቀኑ ስለሚያዩት የቃሉን መልክ ነው የያዙት እንጂ አላነበቡትም፣ ታክሲ ላይ ደግሞ ረዳቱ ስለሚጮህ ማንበብም ግድ አይላቸውም።

ስለዚህ አንድ ታፔላ ለብቻው አታሳዪ። እኔ መገናኛ፣ መርካቶ፣ መካኒሳ ብዬ በአንድ ቀለምና በአንድ መጠን ጻፍኩና «እትዬ፣ መካኒሳ ቢሄዱ የቱ ጋ ይሰለፋሉ?» ማለት ጀመርኩ። ሶስቱም በመ ይጀምራሉ፣ ሶስቱም አራት አራት ፊደል ናቸው፣ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ የሚገምት ሰው እዚህ ጋ ይያዛል። ሜክሲኮን ብትጨምሪ ደግሞ መ እና ሜን መለየታቸው ይታይሻል።

ደረሰኙ ሌላ ነገር ነው። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ላይ አብዛኛው ጽሁፍ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ እሱን አንብቡ ማለት ግፍ ነው፣ ቁጥሩን ነው መፈተን ያለብሽ። ጉሊት ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ነበሩኝ፣ ድምሩ 230.00 የሚል ደረሰኝ ሰጥቻቸው «23 ሺህ» አሉኝ፣ ነጥቧን አላዩዋትም። 230 ነው ብዬ ነግሬያቸው ከ300 ብር መልሱን ስጠይቅ ግን ወረቀቱን ሳያዩ «70» አሉ (ሂሳብ ከኔ ይበልጣሉ እኮ)። ያኔ ነው በጭንቅላት የሚመለስ ጥያቄ ስለ ንባብ ምንም እንደማይነግረኝ የገባኝ።

ከዛ ደረሰኙ ላይ ስህተት ያለበት ጥያቄ አመጣሁ። ባለ 50 ብር ሳሙና 4 ተብሎ ታትሟል፣ 200 ብር፣ ታክሱ 15 ፐርሰንት ሲደመር 230 ሆኗል፣ እኔ ግን «የገዙት 3 ነው፣ ከመክፈልዎ በፊት ይዩት» አልኳቸው። መጀመሪያ ድምሩን ብቻ እያዩ «በዛ» አሉ፣ የት ጋ እንደበዛ ግን ማሳየት አልቻሉም። ሁለት ወር ቆይቼ በሌላ ደረሰኝ፣ በዘይት፣ ተመሳሳዩን ስሰጣቸው ጣታቸውን ብዛቱ ላይ አሳረፉ። እኔ የምመዘግበው ነጥብ ሳይሆን ብቻቸውን አገኙት፣ ፍንጭ ሰጠኋቸው፣ አልቻሉም የሚለውን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ፣ ወረቀቱን ከፊታቸው እያራቁ የሚያዩ ካሉ ችግሩ ፊደል ሳይሆን ዓይን ሊሆን ይችላል፣ ያንኑ ደረሰኝ በፎቶ ኮፒ አጉልተሽ ስጫቸው። የደረሰኝ ወረቀት ቶሎ ስለሚደበዝዝ ኮፒውን ሳይቆይ አንሺው፣ እኔ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያጠራቀምኩት ነጭ ወረቀት ሆኖብኝ ቀርቷል።