ሰርተፊኬቱ በዛ፣ ደንበኛ ግን የለም

«ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፣ ማርኬቲንግ ጨርሻለሁ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ጨምሮ 11 ሰርተፊኬት አፕወርክ ላይ ለጥፌያለሁ። 20 ጊዜ አመልክቼ አንድም ሰው አልመለሰልኝም። የጉግል ማስታወቂያ ሥራ ነው የምፈልገው። ሌላ ሰርተፊኬት ልጨምር?»

አብሽሪ እህቴ። አትጨምሪ፤ እንዲያውም አብዛኞቹን አውርጂያቸው።

ደንበኛው መጀመሪያ የሚያየው የአመልካቾችን ዝርዝር ነው። እዚያ ፎቶሽ፣ የሙያ መጠሪያሽ፣ የሰዓት ዋጋሽ፣ እስካሁን የሠራሽው ሥራ እና የደብዳቤሽ የመጀመሪያ መስመሮች አሉ። ሰርተፊኬቶቹን የሚያገኘው ፕሮፋይልሽን ከፍቶ ወደ ታች ከወረደ ነው። እዚያ ደርሶ የማያውቃቸውን 11 ስሞች ካየ ዋናው ሥራሽ ምን እንደሆነ ይጠፋዋል። የኮደሮቹ ሥልጠና ጥሩ ነው፤ ግን ማስታወቂያ የሚያሠራ የውጭ ሰው ስለ አንቺ ምንም አይረዳበትም።

እኔ ወረቀትን የምመዝነው ደንበኛው ራሱ ይጠቀምበታል ወይ ብዬ ነው። የጉግል አድስ ሰርተፊኬትን ውሰጂ። ስኪልሾፕ በሚባለው የጉግል ማሠልጠኛ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይወሰዳል፣ ማለፊያው 80 በመቶ ነው፣ የሚያገለግለውም 1 ዓመት ነው። የማስታወቂያ ኤጀንሲዎች የጉግል ፓርትነር ባጅ ለማግኘት ከሚያሟሏቸው ነገሮች አንዱ፣ ማስታወቂያውን ከሚመሩት ባለሙያዎቻቸው ቢያንስ ግማሹ ይህ ሰርተፊኬት ያላቸው መሆኑ ነው። ስለዚህ ኤጀንሲ ይፈልገዋል። አንድ ሱቅ ያለው ሰው ግን ግድ የለውም፤ እሱ የሚፈልገው ስልኩ እንዲጮህለት ነው።

ባለፈው ዓመት የመከርኳት የደሴ ልጅ ያንን አንዱን ብቻ አስቀርታ ሌላውን አጠፋች። ከዚያ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ማስታወቂያ ናሙና ሠራች፦ ሰው የሚፈልግባቸው ቃላት፣ ማስታወቂያው እንዳይወጣባቸው መታገድ ያለባቸው ቃላት፣ ሦስት የማስታወቂያ ጽሑፎች። ናሙና መሆኑን በግልጽ ጻፈችበት። ይህን አትዝለይ፤ ያልሠራሽውን ሠራሁ ካልሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውጤቱ ነው። ደብዳቤዋንም «ሰርተፊኬት አለኝ» ብላ መጀመር ተወች። «ሥራ ፈላጊዎች ማስታወቂያችሁን እየነኩ ገንዘባችሁን እንዳይጨርሱት መጀመሪያ የማግደው ‹ቅጥር› የሚለውን ቃል ነው» ብላ ጀመረች። የመጀመሪያ ሥራዋን ከአንድ ትንሽ ኤጀንሲ ያገኘችው በዚህ ነው። ሥራው ትንሽ ነበር፤ ያመጣላት አስተያየት ግን ከወረቀቱ ሁሉ በላይ ሠራላት።

አንቺም የጉግል አድሱ ካለሽ ጊዜው አለማለፉን እዪ፣ የሚረጋገጥበትንም ሊንክ አስገቢ። ስምሽንም አስተያዪ። የአባትሽ ስም ሰይድ ቢሆን፣ መታወቂያሽ ላይ Seid፣ ሰርተፊኬቱ ላይ Seyid ከተባለ ሊንኩን የከፈተ ሰው የሌላ ሰው ወረቀት ይመስለዋል።